ሁለት ጀሪካን፣ አንድ ሮዝ ቀለም

ሁለት ጀሪካን ውሃ አለ እንበል። አንደኛው ከደጋ ምንጭ የተቀዳ ነው፤ ሁለተኛው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ። ሁለቱም ክሎሪን ተጨምሮባቸው ግማሽ ሰዓት ቆይተዋል። የውሃ ባለሙያው ከየጀሪካኑ ጥቂት ወደ መመርመሪያው ብልቃጥ ቀድቶ የምርመራውን ኪኒን ይጨምርበታል። ሁለቱም እኩል ሮዝ ይሆናሉ። ንባቡም አንድ ነው፤ በሊትር 0.5 ሚሊግራም ነፃ ክሎሪን። ባለሙያው ይህንኑ መዝግቦ ይሄዳል። ነገር ግን በደጋው ውሃ ውስጥ ጀርም ለመግደል የተዘጋጀው ክሎሪን ከጉድጓዱ ውሃ ስምንት እጥፍ ገደማ ይበልጣል።

ሮዙ ቀለም ይህን አይናገርም። የሚናገረው በአንድ ብጫቂ ወረቀት ላይ በእጅ ሊሣል የሚችል ግራፍ ነው። ኬሚስቶች አንድ ደካማ አሲድ በየፒኤቹ በምን በምን መልክ እንደሚገኝ፣ የእያንዳንዱም መልክ ድርሻ ስንት እንደሆነ የሚያሳዩበት ሥዕል ነው።

ክሎሪን ውሃ ውስጥ ሲገባ ሃይፖክሎረስ አሲድ የሚባል ነገር ይሆናል፤ በኬሚስቶች አጻጻፍ HOCl። ደካማ አሲድ ነው። ጠንካራ አሲድ ውሃ ውስጥ እንደገባ ሃይድሮጅኑን በሙሉ ይለቃል፤ ደካማው ግን የአካባቢውን ሁኔታ አይቶ ነው። ውሃው ወደ አሲድነት ካደላ ሃይድሮጅኑን ይዞ ይቀመጣል። ወደ ሶዳነት ካደላ ደግሞ ይለቅና OCl⁻ ይሆናል፤ ሃይፖክሎራይት ይሉታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ሃይድሮጅን ብቻ ብትሆንም ውጤቱ ሰፊ ነው። HOCl ምንም የኤሌክትሪክ ሙል የለውም፤ ስለዚህ የባክቴሪያውን ሽፋን ሾልኮ ይገባል። OCl⁻ ኔጌቲቭ ሙል አለው፤ የባክቴሪያው ገጽም ኔጌቲቭ ስለሆነ ይገፋፋሉ። በአገዳደል HOCl ከወንድሙ ብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል።

አሁን ሥዕሉን እንሣለው። በአግድሙ መስመር ላይ ፒኤችን ከ4 እስከ 11 ጻፉ፤ በቋሚው ላይ ድርሻን ከ0 እስከ 100 በመቶ። እያንዳንዱ ደካማ አሲድ ፒኬኤ የሚባል የራሱ ቁጥር አለው፤ የሃይፖክሎረስ አሲድ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 7.5 ገደማ ነው። ፒኤች ከዚህ ቁጥር ጋር ሲገጥም ሁለቱ መልኮች እኩል ይካፈላሉ፤ ስለዚህ 7.5 ላይ፣ 50 በመቶው ከፍታ ላይ አንድ ነጥብ አኑሩ። ከዚያ በኋላ የምትፈልጉት ሕግ አንድ ብቻ ነው። ፒኤች በ1 በጨመረ ቁጥር የOCl⁻ መጠን ከHOCl አንፃር በአሥር ይባዛል። በ8.5 ላይ ለአንድ HOCl አሥር OCl⁻ ይኖራል ማለት ነው፤ ከአሥራ አንዱ አንዱ፣ 9 በመቶ። በ9.5 ላይ 1 በመቶ ብቻ ይቀራል። ወደ ግራ ስትሄዱ ነገሩ ይገለበጣል፤ 6.5 ላይ HOCl 91 በመቶ፣ 5.5 ላይ 99 በመቶ ነው። ነጥቦቹን አያይዙ። ከላይ በዝግታ የሚጀምር፣ መሐል ላይ እንደ ገደል የሚወርድ፣ ታች ደርሶ የሚተኛ መስመር ታገኛላችሁ። የOCl⁻ መስመር የዚሁ ግልባጭ ነው፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል፣ ድምራቸው ምንጊዜም 100 ነው።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ፣ አንድ ሃይድሮጅን ብቻ የሚለቅ ደካማ አሲድ ሁሉ ይህንኑ ቅርጽ መያዙ ነው። የኮምጣጤው አሲድ መስመር ከዚህኛው ጋር አንድ ነው፤ መሐሉ ብቻ ወደ 4.76 ተንሸራቷል። አንዱን የሣለ ሁሉንም ሣለ።

የክሎሪን ችግር ታዲያ ገደሉ የወደቀበት ቦታ ነው። የምንጠጣው ውሃ ፒኤች ብዙውን ጊዜ ከ6.5 እስከ 8.5 ነው፤ መስመሩ ከሁሉ በላይ የሚያሽቆለቁለውም እዚያው ላይ ነው። ወደ ጀሪካኖቻችን እንመለስ። የደጋው ውሃ ፒኤች 7 ቢሆን የHOCl ድርሻ 76 በመቶ ነው፤ ከ0.5 ሚሊግራሙ 0.38 ይሠራል። በስምጥ ሸለቆ ግን ብዙ የጉድጓድ ውሃ በባይካርቦኔት የበለጸገ ስለሆነ ፒኤቹ ከ8 ማለፉ የተለመደ ነው። 8.5 ቢሆን 9 በመቶው፣ ማለትም 0.045 ሚሊግራም ብቻ ነው የሚሠራው። የዓለም ጤና ድርጅት 0.5 ሚሊግራምና 30 ደቂቃ ሲል "ፒኤች ከ8 በታች ከሆነ" የሚል ሐረግ ያስከተለው ስለዚህ ነው። ቁጥሩ በየግድግዳው ይለጠፋል፤ ሐረጉ ግን መንገድ ላይ ይቀራል።

መመርመሪያው ለምን አይለይም? ኪኒኑ የራሱን ፒኤች ይዞ ስለሚመጣ ብልቃጡ ውስጥ የነበረውን ድርሻ ይቀይረዋል። ደግሞም HOCl ሲያልቅ OCl⁻ ወዲያው ሃይድሮጅን ወስዶ ቦታውን ይተካል። ስለዚህ የሚነበበው ድምሩ ነው። ይህ መተካካት ጀሪካኑም ውስጥ አለ፤ OCl⁻ እንደ ጎተራ እህል ነው፣ አይጠፋም፣ ሲፈለግ ይወጣል። ሆኖም ጀርሙ በየቅጽበቱ የሚገጥመው የወጣውን ብቻ ነው። ጎተራው ክሎሪኑን ያቆየዋል እንጂ አገዳደሉን አያፈጥነውም።

ሥዕሉ የማያሳየውም አለ። የሚናገረው ድርሻን ነው እንጂ መጠንን አይደለም፤ ክሎሪኑ በጭቃና በቆሻሻ ተበልቶ ካለቀ 76 በመቶ የባዶ ነገር 76 በመቶ ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ መስመሩ በትንሹ ወደ ቀኝ ይንሸራተታል። አሞኒያ ካለበት ደግሞ ክሎሪኑ ወደ ሌላ ውህድ ስለሚሄድ ይህ ሥዕል አያገለግልም።

በስተግራ ጥግ፣ ጠንካራ አሲድ ባለበት፣ ያልሣልነው ሦስተኛ መልክ ብቅ ይላል፤ የክሎሪን ጋዝ። በጠርሙስ ያለው በረኪና ሆን ተብሎ ከ11 በላይ በሆነ ፒኤች ይቀመጣል፤ ሁሉም OCl⁻ ሆኖ እንዳይበላሽ። በላዩ ላይ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ወይም ኮምጣጤ የሚያፈስ ሰው ይህን ሁሉ መንገድ በአንድ ጊዜ ወደ ግራ ይጎትተዋል፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። "ሁለት ማጽጃ ከአንድ ይሻላል" የሚል ሰው ቤታችሁ ካለ ይህን ንገሩት።

ፒኤቹ ከፍ ያለ ውሃ ያለው ሰው ምን ያድርግ? ከቤት ጀሪካን ፒኤች ለማውረድ መሞከር አያስፈልግም፤ ውሃውን ከግማሽ ሰዓት ይልቅ ለብዙ ሰዓታት፣ ለምሳሌ ሌሊቱን ማቆየት ቀላሉ መንገድ ነው። የክሎሪኑን መጠን ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ይህን ግን አካባቢውን የሚያውቅ የውሃ ባለሙያ ይወስነው። ለባለሙያው ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። የፒኤች መመርመሪያው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ሳጥን ውስጥ፣ ከሮዙ ብልቃጥ ጎን ተቀምጧል። እባክዎ የክሎሪኑን ንባብ ሲመዘግቡ የፒኤቹንም ከጎኑ ይጻፉ።