ቡናን የሚያደበዝዝ ውሃ

ከአንድ ማሳ የተለቀመ፣ በአንድ እጅ የተቆላ፣ በአንድ ወፍጮ የተፈጨ የታጠበ የይርጋጨፌ ቡና አንዱ ከተማ ላይ የሎሚና የአበባ ቃና ይዞ ሲወጣ፣ ሌላው ከተማ ላይ ደብዝዞ፣ ከብዶና አፍ ላይ አፈር አፈር ብሎ ይገኛል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ የሚባለው ቡናው ነው፤ ካልሆነም ቆይው። ነገር ግን በፊልተር የሚፈላ ቡና ከመቶ እጅ ዘጠና ስምንቱ ውሃ ነው፤ ምርመራው ከቧንቧው መጀመር አለበት።

በእንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ የሆነው ይኸው ነው። የአገሪቱን የባሪስታ ሻምፒዮና ያሸነፈው ማክስዌል ኮሎና-ዳሽዉድ ቡና ቤት የከፈተባት ባዝ በኖራ ድንጋይ ምድር ላይ የተቀመጠች ከተማ ስትሆን፣ ውሃዋም ጠንካራ ነው። ቆዮቹ ዘንድ ያማረ ቡና እርሱ ጋ ሲፈላ መልኩን ይለውጥ ነበር። በባዝ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ተመራማሪ ከነበረው ከክሪስቶፈር ሄንደን ጋር ተባብረው በ2014 ጥናት አሳተሙ፤ በዓመቱ ደግሞ ስለ ቡና ውሃ መጽሐፍ ጻፉ። በኮምፒውተር ስሌት ያሳዩት፣ ውሃ ውስጥ የሟሟው ማግኒዥየም ጣዕም ሰጪ ከሆኑት የቡና ንጥረ ነገሮች ጋር ከካልሲየም ይልቅ አጥብቆ እንደሚያያዝ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የውሃ ጥንካሬ ሲሆን፣ ውሃው ውስጥ የሟሟው የካልሲየምና የማግኒዥየም መጠን ማለት ነው። ሳሙና አረፋ አልሰጥ ብሎ ባልዲው ዳር ነጭ ዝቃጭ የሚተወው በእነዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው አልካሊነት ነው። ይህ ውሃው ምን ያህል አሲድ መዋጥ እንደሚችል የሚያሳይ ሲሆን፣ በቧንቧ ውሃ ውስጥ ከሞላ ጎደል ባይካርቦኔት የሚባለው ንጥረ ነገር መጠን ነው። ብዙ ሰው ከፒኤች ጋር ያምታታዋል። ፒኤች ውሃው አሁን ያለበትን ሁኔታ ሲናገር፣ አልካሊነት ግን አሲድ ሲጨመርበት ምን ያህል እንደሚቋቋም ይናገራል። ለቡና የሚያሳስበው ሁለተኛው ነው።

ካልሲየምና ማግኒዥየም ከቡናው ዱቄት ውስጥ ጣዕሙን ስበው በማውጣት ያግዛሉ። ፈጽሞ በሌሉበት፣ ለምሳሌ በተጣራ የባትሪ ውሃ ዓይነት፣ ቡናው ቀጭንና ስል ኮምጣጣ ይሆናል። ባይካርቦኔት ደግሞ ከወጣ በኋላ የሚሠራ ነው። ይርጋጨፌን ይርጋጨፌ የሚያሰኙትን ሲትሪክና ማሊክ የመሳሰሉ አሲዶች እያገኘ ያመክናቸዋል። በእኔ ግምት ጽዋው ላይ ጎልቶ የሚታወቀው የአልካሊነት ሥራ ነው። ጥንካሬው ቢበዛም ባይካርቦኔቱ ልከኛ ከሆነ ቡናው ብዙ አይጎዳም፤ ባይካርቦኔቱ ከበዛ ግን ጥሩ የሚባለው የታጠበ ቡና ሁሉ ተመሳሳይ ይሆናል።

ይህን ማየት የፈለገ ሰው ቤቱ ውስጥ ሊሞክረው ይችላል። ቀለል ብሎ የተቆላ ቡና አፍልቶ በሁለት ስኒ ይቅዳ፤ በአንደኛው ላይ ቁንጥር የማይሞላ ቤኪንግ ሶዳ ያማስልበት። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፣ ሶዳው ነው። ሶዳ የገባበት ስኒ ትንሽ አረፋ ያወጣል፤ ወዲያው ቀለሙ ይጠቁራል። ሲቀመስም ኮምጣጣው ጠፍቶ ጠፍጣፋና ትንሽ ጨዋማ ሆኖ ይገኛል። ጠንካራ አልካሊነት ያለው የቧንቧ ውሃ ከማፍላቱ በፊት ጀምሮ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፣ ልዩነቱ በጥቂት በጥቂቱ መሆኑ ብቻ ነው።

አገራችን ውስጥ እነዚህ ሁለት ነገሮች ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ድሬዳዋ የኖራ ድንጋይ ምድር ላይ ስላለች የጉድጓድ ውሃዋ ካልሲየምም ባይካርቦኔትም ይበዛበታል። ጀበናውና ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ከዚያ ነው። የስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ግን ሌላ ናቸው። ካልሲየማቸው ትንሽ፣ ሶዲየምና ባይካርቦኔታቸው ብዙ ነው። ሳሙና በደንብ ያረፋሉ፣ ድስት ላይም ቅርፊት አይተዉም፤ ነገር ግን የቡናውን ኮምጣጣ ቃና ይውጡታል። ሳሙናን ብቻ ይዞ ውሃን የሚመዝን ሰው እዚያ ይሳሳታል። አዲስ አበባ ደግሞ እንደየሰፈሩ ነው። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ውሃ ቀለል ይላል፤ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ማዕድኑ ይበዛል።

መፍትሔውም በዚሁ መሠረት ይለያያል። ለድሬዳዋ ዓይነቱ ውሃ ርካሹና ቀላሉ መፍትሔ ማፍላት ነው። ውሃው ሲፈላ ባይካርቦኔቱ ከካልሲየም ጋር ተጣምሮ ነጭ ዝቃጭ ይሆንና ከታች ይቀራል። ሁለቱም እኩል በእኩል ይቀንሳሉ። ለምሳሌ ጥንካሬው በሊትር 300 ሚሊግራም፣ አልካሊነቱ 250 የሆነ ውሃ ቢፈላና 150 ያህሉ ቢወርድ፣ የሚቀረው 150 ጥንካሬና 100 አልካሊነት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ውሃውን ክዳኑን ከፍቶ ከአምስት እስከ አስር ደቂቃ ማንፈቅፈቅ፣ እስኪቀዘቅዝና ዝቃጩ እስኪሰፍር ማቆየት፣ ከዚያ ሳይናወጥ ከላይ ያለውን ብቻ ወደ ሌላ ዕቃ መቅዳት። ብዙዎች የሚስቱት መጨረሻውን ነው፤ ዝቃጩን አብረው ይገለብጡታል። በዚህ የተቀዳው ውሃ እንደገና ጀበናው ውስጥ ገብቶ ይፈላል። ክሎሩም ስለሚወጣ ሽታው ይጠፋል።

ለስምጥ ሸለቆው ውሃ ግን ማፍላት አይረዳም። ባይካርቦኔቱ ከሶዲየም ጋር ስለሆነ ዝቃጭ አይሆንም፤ እንዲያውም ውሃው በትነት ሲያንስ የቀረው ይጠነክራል። ፍሎራይዱም በማፍላት አይወጣም። ይህ የቡና ብቻ ሳይሆን የጥርስና የአጥንት ጉዳይ ስለሆነ ሊረሳ አይገባም። መቀሌ አካባቢ እንደሚገኘው ጂፕሰም ያለበት ውሃም እንዲሁ በማፍላት የሚለሰልሰው በከፊል ብቻ ነው። ካልሲየሙ ከሰልፌት ጋር በመሆኑ አይወርድም። የሚያጽናናው ሰልፌቱ አሲድ አለመዋጡ ነው።

ለእነዚህ የሚሠራው መቀላቀል ነው። የቧንቧውን ውሃ ማዕድን ከሌለው ወይም ከሚያንስበት ውሃ ጋር ማቅለል። አልካሊነቱ 200፣ ጥንካሬው 250 የሆነ ውሃ አንድ እጅ፣ ማዕድን የሌለው ውሃ ሦስት እጅ ቢቀላቀል፣ የሚገኘው አልካሊነት 50፣ ጥንካሬ 62 ያህል ነው። ስፔሻልቲ ኮፊ አሶሲዬሽን የሚያዘው ወሰን በሊትር ከ40 እስከ 70 አልካሊነትና ከ50 እስከ 175 ጥንካሬ ስለሆነ፣ ይህ ቅልቅል ወሰኑ ውስጥ ይወድቃል። ማቅለያው ታዲያ በሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ የወጣ ለመጠጥ የሚሆን ውሃ ወይም ቀላል የታሸገ ውሃ ሊሆን ይችላል። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ግን ለመጠጥ ተብሎ አልተዘጋጀምና አይሞከርም።

የታሸገ ውሃ ለመምረጥ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይበቃል። ካልሲየሙን በ2.5፣ ማግኒዥየሙን በ4.1 አባዝቶ መደመር ጥንካሬውን ይሰጣል። ባይካርቦኔቱን በ0.82 ማባዛት አልካሊነቱን ይሰጣል። ካልሲየም 24፣ ማግኒዥየም 5፣ ባይካርቦኔት 60 የሚል ጠርሙስ ቢገኝ፣ ጥንካሬው 80፣ አልካሊነቱ 49 ነውና ለቡና ሳይቀላቀል ይሆናል። እንደ አምቦ ያለ የማዕድን ውሃ ግን ባይካርቦኔቱ እጅግ የበዛ ስለሆነ ለቡና አይሆንም፤ አብሮ መጠጣት ሌላ ነገር ነው።

ብዙ ሰው በየገበያው የሚሸጠውን እስክሪብቶ የሚመስል የማዕድን መለኪያ ይገዛል። ውሃው ውስጥ ያለውን ማዕድን በጥቅሉ ይናገራል እንጂ ካልሲየሙን ከባይካርቦኔቱ አይለይም። ለስምጥ ሸለቆው ውሃና ለድሬዳዋው አንድ ዓይነት ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። የተሻለው ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች የሚጠቀሙበት የጠብታ መመርመሪያ ነው። ሁለት ጠርሙስ አለው፤ አንዱ ለጥንካሬ፣ አንዱ ለአልካሊነት። ቀለሙ እስኪለወጥ ስንት ጠብታ እንደገባ ይቆጠራል፤ በተለመዱት ዓይነቶች አንዷ ጠብታ 18 ሚሊግራም ያህል ናት። ውጭ አገር ያሉ ወገኖች የዓሣ ዕቃ ሱቅ ያገኙታል። ለንደን ውስጥ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ደግሞ የከተማው ውሃ ኖራ የበዛበት ስለሆነ ማሰሮውን አይቶ እንኳ መልሱን ያውቀዋል፤ ከአገር የላኩለት ቡና ጣዕሙ የተለየበትም ከዚያ ሊሆን ይችላል።

ቡና ቤት ያለው ሰው አንድ ወጥመድ ይጠንቀቅ። ለማሽኑ ተብሎ የሚገጠመው በጨው የሚሠራ ማለስለሻ ካልሲየሙን በሶዲየም ይተካል። ማሽኑ ቅርፊት አይዝም፤ ባይካርቦኔቱ ግን እንዳለ ይቀራል። ማለትም የድሬዳዋውን ውሃ ወደ ስምጥ ሸለቆው ዓይነት ይለውጠዋል። ማሽኑ ይድናል፣ ቡናው ይደበዝዛል። አልካሊነትንም የሚቀንስ ሌላ ዓይነት የማጣሪያ ሬዚን አለ፤ ሲገዛ መጠየቅ የሚገባው ይህን ነው። የካርቦን ማጣሪያ ደግሞ ክሎርና ሽታ ያወጣል እንጂ ሁለቱንም አይነካም።

ውሃውን ከባዶ መሥራት የሚወድ ሰው ማዕድን በሌለው የመጠጥ ውሃ ሁለት ጠርሙስ ያዘጋጃል። በአንደኛው ሊትር 2.5 ግራም ኤፕሰም ሶልት፣ ማለትም ከፋርማሲ የሚገዛ ለሰው የሚሆን ማግኒዥየም ሰልፌት ይሟሟል። በሁለተኛው ሊትር 1.7 ግራም ቤኪንግ ሶዳ። ከመጀመሪያው 70፣ ከሁለተኛው 40 ሚሊሊትር ወስዶ ማዕድን በሌለው ውሃ አንድ ሊትር ቢሞላው፣ ጥንካሬው 70፣ አልካሊነቱ 40 የሆነ ውሃ ያገኛል። ቡናው ኮምጣጣ ከበዛበት የሶዳውን ወደ 50 ያሳድግ፤ ደብዝዞ ከተሰማው ወደ 30 ያውርድ። ማግኒዥየሙን ሳይነካ አንዱን ብቻ መለወጥ ጠቃሚ ነው፣ የትኛው ምን እንዳደረገ የሚታወቀው በዚያ ነውና።