ትርፉ ደመወዝ ካከለ መልቀቅ ይቻላል? የጎን ንግድ ተረትና እውነታ

ተረት፦ የጎን ንግዴ ትርፍ ደመወዜን ካከለ መልቀቂያ ማስገባት እችላለሁ።

እውነታው ሌላ ነው። ተቀጥሮ እየሰራ የሚነግድ ሰው «ትርፍ» የሚለው ገንዘብ ውስጥ ብዙ ጊዜ ደመወዙ ራሱ ተደብቆ ይገኛል። ይህን ለማየት አዲስ አበባ ውስጥ እጅግ የተለመደውን የባልትና ንግድ እንውሰድ። በግል ድርጅት ሂሳብ ክፍል የምትሰራ፣ እጇ የሚገባው ደመወዝ 15,000 ብር የሆነ ሴት በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች ትሸጣለች እንበል። ቁጥሮቹን ለማስያ እንዲመቹ የመረጥኳቸው እኔ ነኝ፤ አንባቢ የራሱን ቁጥር ተክቶ ሊያሰላ ይችላል።

በመጋቢት 50,000 ብር ሸጠች። የእህሉ፣ የዛላው፣ የቅመማ ቅመሙና የወፍጮው ወጪ 32,000 ብር ነው። 18,000 ብር ተረፋት፤ ከደመወዟ በ3,000 ብር በለጠ። ደብዳቤውን ለመጻፍ እጇ የሚያሳክካት እዚህ ላይ ነው።

ግን ወደ ወፍጮ ቤት የተመላለሰችበት የታክሲና የማሸጊያው 2,000 ብር ከደመወዝ ቦርሳዋ ስለወጣ በሂሳቡ አልገባም። በርበሬውን የቀነጠሰችው፣ ሽሮውን የለቀመችው እህቷ ናት፤ ምንም አልተከፈላትም። ነገ እህቷ ሥራ ብታገኝ ወይም ብታገባ ሰው መቅጠር ግድ ስለሚሆን ለእሱም ቢያንስ 4,000 ብር መያዝ አለበት። 18,000 የነበረው 12,000 ሆነ። ቤቱ በየወሩ ከእሷ የሚጠብቀው 12,000 ብር ነው ብንል መጋቢት ልክ ልኩን ደረሰ ማለት ነው።

መጋቢት ደግሞ ዓብይ ጾም ነው። ለ55 ቀን ሽሮ በየቤቱ ሁለት ጊዜ የሚሰራበት ወቅት በመሆኑ የዓመቱ ምርጥ ገበያ እሱ ነው። ከፋሲካ በኋላ በዓለ ሃምሳ ሲገባ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ የሽሮ ገበያ ይወርዳል። በግንቦት ሽያጩ ወደ 30,000 ቢቀንስ፣ በዚያው ስሌት ለጥሬ ዕቃ 19,200፣ ለመጓጓዣና ለማሸጊያ 1,500፣ ለረዳት 4,000 ሲወጣ የሚተርፈው 5,300 ብር ብቻ ነው። ከዚያ ክረምቱ ይመጣል። በሐምሌና በነሐሴ በርበሬ ማስጣት ከባድ ነው፤ በደንብ ያልደረቀ ዛላ ተፈጭቶ ከተቀመጠ ይሻግታል፣ ሻጋታው ደግሞ ለጤና አደገኛ ነው። በእጅ ሲጨብጡት የሚጓጎል፣ ሲሸቱት የታፈነ ጠረን ያለው በርበሬ ገና እርጥበት እንዳለው ይታወቃል። እንዲህ ያለውን የሸጠች ነጋዴ ደንበኛዋን መልሳ አታገኘውም። በመጋቢት ሂሳብ የወሰነች ሴት እነዚህን ወራት ገና አላየቻቸውም።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ አይታዩም። አንደኛው የዛላው ግዢ ነው። ዛላ አዲሱ ምርት በሚገባበት፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ረከስ ስለሚል ባለሙያዋ የዓመቱን በአንዴ ታስገባለች። 60,000 ብር ከየት መጣ? ከዕቁብ። ዕቁቡን የጣለው ማን ነው? ደመወዙ። የዛላው ዋጋ ዓመቱን ሙሉ በየሽያጩ ትንሽ በትንሽ ተመልሷል፤ ግን ለብቻው ስላልተቀመጠ ቤት በላው፣ በሚቀጥለው ታኅሣሥም ዕቁቡ አዳናት። ሁለተኛው ገዢዎቹ ናቸው። አብዛኞቹ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቿ ናቸው፤ በዱቤ ወስደው ደመወዝ ሲወጣ ይከፍላሉ። ሥራውን ስትለቅ ደመወዙን ብቻ አትለቅም፣ ገበያዋንም ትታው ትወጣለች።

ስለዚህ ፈተናው ይህ ነው፦ ደመወዙ ወደ ሌላ የባንክ ሂሳብ ይግባ፣ ከዚያ ለንግዱም ለቤቱም አንድ ብር አይነካ፤ ንግዱ ቤቱንም ራሱንም ይቻል። የዛላው ገንዘብ ከየሽያጩ ተለይቶ ይቀመጥ። ከቢሮ ውጭ ያለው ሽያጭ በደብተር ለብቻው ይጻፍ። ፈተናው ክረምትን ካላካተተ ግን ፈተና አይባልም።

ተረት፦ ሙሉ ጊዜዬን ብሰጠው በእጥፍ ይሸጣል።

ይህ እውነት የሚሆነው ያጠራት ጊዜ ከሆነ ብቻ ነው። ትዕዛዝ ሲመጣ «አልደርስም» ብላ የምትመልስ ከሆነ አዎ፣ ጊዜ አጥሯታል፤ ያም ሆኖ መጀመሪያ ረዳት መቅጠር ደመወዝ ከመልቀቅ ይረክሳል። ያዘጋጀችው ሽሮ ጣሳ ውስጥ የሚከርም ከሆነ ግን ያጠራት ገዢ ነው፤ ቤት መዋሏ ገዢ አያመጣላትም። ለመለየት የዓመት ፈቃድን መጠቀም ይቻላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ ቢያንስ 16 የሥራ ቀን ነው። እነዚያን ቀናት ሙሉ በሙሉ ለንግዱ ሰጥታ፣ ባልደረቦቿን ሳትቆጥር ሚኒ ማርኬቶችንና ምግብ ቤቶችን ብታዞር ሽያጩ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ደብተሩ ይነግራታል።

እግረ መንገዴን፦ «ደመወዜ ላይ ግብር እየተቆረጠ ስለሆነ ለንግዱ ፈቃድም ግብርም አያስፈልገኝም» የሚሉ አሉ። የደመወዝ ግብርና የንግድ ትርፍ ግብር ለየብቻ የሚታዩ ናቸው፤ ያለ ንግድ ፈቃድ መነገድም በወንጀል ያስጠይቃል። የሥራ ውሉን ማንበብም ያስፈልጋል፤ ተመሳሳይ ሥራ በግል መሥራትን የሚከለክል አንቀጽ ሊኖርበት ይችላል።

ተረት፦ ስለቅ የሚከፈለኝ የስንብት ገንዘብ ያቋቁመኛል።

በገዛ ፈቃዱ የሚለቅ ሠራተኛ የሥራ ስንብት ክፍያ የሚያገኘው ቢያንስ 5 ዓመት ካገለገለና የጡረታ መብት ከሌለው ነው፤ በሥልጠና ምክንያት የገባው የአገልግሎት ግዴታም ሊኖርበት አይገባም። ስሌቱ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ነው። 6 ዓመት ያገለገለች ሴት የሁለት ወር ከ20 ቀን ገደማ ታገኛለች። ከመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ማኅበር የተበደረችው ካለ ቀሪው ዕዳ ከዚያው ላይ ሊቀነስ ይችላል። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሳትሰጥ ብትወጣ ደግሞ እስከ አንድ ወር ደመወዝ የሚደርስ ካሳ ትጠየቃለች። አሠሪው በጡረታ መዋጮ በየወሩ የሚከፍልላት የደመወዟ 11 በመቶም ከዚያ በኋላ ይቆማል።

ታዲያ መቼ ትልቀቅ? ባስቀመጥናቸው ቁጥሮች ገና ነው። ከግንቦት እስከ ነሐሴ በየወሩ 6,700 ብር ቢጎድላት አራቱ ወራት 26,800 ብር ይፈልጋሉ። ይህን በቁጠባ መሸፈን ይቻላል፤ ነገር ግን ጉድለቱ በየዓመቱ የሚመለስ ከሆነ ቁጠባው አንዴ ነው የሚበላው። ቀዳዳው ከንግዱ ከራሱ መደፈን አለበት። መንገድም አለው፦ በክረምት ከአሜሪካና ከአውሮፓ ለዕረፍት የሚመጡ ሰዎች ሲመለሱ በርበሬና ሽሮ ይዘው ይሄዳሉ። ዝናቡ ሳይገባ አድርቃና ፈጭታ በደንብ አሽጋ ያስቀመጠች ሴት የክረምቱን ገበያ የምታገኘው ያኔ ነው።

አንድ ሙሉ ዓመት በዚህ መንገድ ካለፈ፣ የአሥራ ሁለቱ ወር ድምር 144,000 ብሩን ከሸፈነ፣ የቀዝቃዛዎቹ ወራት መሙያ ለብቻው ከተቀመጠና ከቢሮ ውጭ ያለው ገዢ ብቻውን ንግዱን ካቆመ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ንግድ ምቹው ወር ጥር ነው። ዛላው ተገዝቶ ገብቷል። ደብዳቤው በጥር ሲገባ የ30 ቀኑ ማስጠንቀቂያ የካቲት ላይ ያልቃል፣ ዓብይ ጾምም አብዛኛውን ጊዜ በየካቲት ነው የሚገባው።