የሴሊያክ ታካሚ ወደ ሐኪም የሚላክበት ደብዳቤ

ሴሊያክ ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ሲበላ ትንሹ አንጀት የሚጎዳበት ሕመም ነው። ሕክምናው ግሉተንን ዕድሜ ልክ መተው ነው። ጤፍ ግሉተን ስለሌለው ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ይፈቀዳል። ታካሚው ምግቡን አስተካክሎም ካልተሻለው፣ የሥነ ምግብ ባለሙያ ለሐኪም ደብዳቤ ይጽፋል።

ገብስ በብዛት በሚበላበት ደጋ የምትኖር ታካሚን በምሳሌነት እንውሰድ። ደብዳቤው እንዲህ ሊል ይችላል፦

«ታካሚዋ ሕመሟ ከታወቀ 1 ዓመት ሆኗታል። የጤፍ እንጀራ ብቻ ብትበላም ተቅማጡ አልቆመም፤ ክብደቷም ከ48 ወደ 46 ኪሎ ወርዷል። በዝርዝር ስጠይቃት ጤፉ የሚፈጨው ገብስ በሚፈጭበት ወፍጮ መሆኑን፣ በበዓልም ጠላ እንደምትጠጣ ነገረችኝ። ጠላውን እንድትተው፣ ጤፉንም ገብስና ስንዴ በማይፈጭበት ወፍጮ እንድታስፈጭ ተስማምተናል። የሴሊያክ የደም ምርመራዋ እንዲደገም፣ የሄሞግሎቢንና የብረት መጠኗም እንዲታይ እጠይቃለሁ።»

ጠላ የተጠቀሰው ብቅሉ ብዙውን ጊዜ ከገብስ ስለሚዘጋጅ ነው። የደም ምርመራው ውጤት አሁንም ከፍ ካለ፣ ግሉተን እየገባ መሆኑን ይጠቁማል። ሆኖም ውጤቱ የሚወርደው በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ስለሆነ ሐኪሙ ከቀድሞው ጋር ያነጻጽረዋል። ውጤቱ ጤናማ ቢሆንም ጥቂት ግሉተን አልገባም ማለት አይደለም፤ ተቅማጡ ከቀጠለ ሐኪሙ ሌላ ምክንያትም ይፈልጋል።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ ደብዳቤውንና የቀድሞ ውጤቶችዎን ይያዙ። የጠጡትን ጠላና የቀመሱትን ዳቦ ሳይደብቁ ይናገሩ፤ ካልታወቀ ለማያስፈልግ ምርመራ ሊዳርግዎት ይችላል።