ገንዘቡ የማን፣ ውሳኔው የማን?

በትልቅ የአክሲዮን ኩባንያ ውስጥ ባለቤትነትና ውሳኔ ተለያይተው ይኖራሉ። ባለአክሲዮኖች ባለቤቶች ቢሆኑም በየቀኑ ቢሮ ገብተው አይወስኑም። የሚወስነው ሥራ አስኪያጁ ነው፣ ያውም በሌላ ሰው ገንዘብ። አበዳሪው ደግሞ ገንዘቡን ሰጥቶ ወለዱን ይጠብቃል እንጂ በጉባኤው ድምፅ የለውም። የሦስቱ ጥቅም ሲለያይ የሚፈጠረው አለመግባባት የውክልና ግጭት ይባላል። ማይክል ጄንሰንና ዊልያም ሜክሊንግ በ1976 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህ ግጭት ዋጋ እንደሚያስከፍልና ዋጋውንም በመጨረሻ የኩባንያው ባለቤቶች እንደሚሸከሙት አስረድተዋል።

ሦስቱን ወገኖች በአንድ መድረክ ያሳየው የአሜሪካው ሲጋራና ብስኩት አምራች የአር.ጄ.አር. ናቢስኮ ሽያጭ ነው። የሲጋራ ንግዱ ብዙ ጥሬ ገንዘብ ያስገባል፤ ለማስፋፊያ የሚፈልገው ግን ጥቂት ነው። የተረፈው ሁሉ ለባለአክሲዮኖች አልተከፋፈለም። በሮስ ጆንሰን የሚመራው ኩባንያ አመራሩ የሚበርባቸው በርካታ አውሮፕላኖች ነበሩት። የመጀመሪያው ግጭት መልክ ይህ ነው፤ ገንዘብ ተትረፍርፎ አዋጭ ሥራ ሲያንስ፣ ምቾት በባለቤቱ ወጪ ይገዛል።

የተለመደው መፍትሔ ሥራ አስኪያጁን ራሱን የአክሲዮን ባለቤት ማድረግ፣ ወይም አክሲዮኑን ወደፊት ዛሬ በተቆረጠ ዋጋ የመግዛት መብት መስጠት ነው። ዋጋው ሲወጣ እሱም ያተርፋል። ነገር ግን መብቱ አንድ ጉድለት አለበት፤ ዋጋው ሲወድቅ ባለመብቱ ከኪሱ የሚያወጣው የለም። ስለዚህ ትልቅ ትርፍና ትልቅ ኪሳራ ወዳለበት ሥራ ይገፋፋዋል።

በጥቅምት 1988 እ.ኤ.አ. ጆንሰንና ባልደረቦቹ ኩባንያውን በብድር ራሳቸው ለመግዛት በአንድ አክሲዮን 75 ዶላር አቀረቡ። ከዚያ በፊት አክሲዮኑ በገበያ 56 ዶላር ገደማ ያወጣ ስለነበር ቅናሹ ለጋስ ይመስላል። ችግሩ የሻጮቹ ወኪል ራሱ ገዢ መሆኑ ላይ ነው፤ የኩባንያውን ውስጥ ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰው በርካሽ ቢገዛ ይጠቀማል። የዳይሬክተሮች ቦርዱ ከአመራሩ ውጭ ያሉ አባላትን ኮሚቴ አቋቁሞ ጨረታውን ለሌሎችም ከፈተ። በመጨረሻ ኬ.ኬ.አር. የተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት በ109 ዶላር አሸነፈ፤ ጠቅላላ ግዢው 25 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነበር። የመጀመሪያው ቅናሽ ያለ ተፎካካሪ ጸድቆ ቢሆን ባለአክሲዮኖች በእያንዳንዱ አክሲዮን 34 ዶላር ያጡ ነበር።

ባለአክሲዮኖች ሲደሰቱ አበዳሪዎች ደነገጡ። ጠንካራ ለነበረ ኩባንያ በዝቅተኛ ወለድ አበድረው ነበር፤ አሁን ያው ኩባንያ ለግዢው በተወሰደ ከባድ አዲስ ዕዳ ሊጫን ነው። የነባሮቹ ቦንዶች ዋጋ ወደቀ። ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቦንድ የያዘው ሜትሮፖሊታን ላይፍ ክስ መሠረተ፤ ፍርድ ቤቱ ግን በ1989 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለውን ግዢ የሚከለክል አንቀጽ በውሉ ውስጥ እንደሌለና ዳኛ ሊጨምረው እንደማይችል ወሰነ።

አበዳሪ ለምን እንዲህ ሊጎዳ እንደሚችል በትንሽ ስሌት ይታያል። አንድ ኩባንያ 90 ሚሊዮን ብር ዕዳ አለበት እንበል። በአስተማማኝ ሥራ 105 ሚሊዮን ያገኛል፤ አበዳሪው 90፣ ባለአክሲዮኖች 15 ይወስዳሉ። በአደገኛው ሥራ ደግሞ በእኩል ዕድል 160 ወይም 20 ሚሊዮን ያገኛል፤ አማካዩ 90 ብቻ ነውና ሥራው በጠቅላላው የከፋ ነው። ለባለአክሲዮኖች ግን ሲቀና 70፣ ሳይቀና ዜሮ ነው፤ በአማካይ 35 ይደርሳቸዋል። አበዳሪው 90 ወይም 20 ያገኛል፤ አማካዩ 55 ነው። ባለአክሲዮኖች 20 ሲያተርፉ አበዳሪው 35 ያጣል፤ የቀረው 15 ሚሊዮን ከንቱ የጠፋ ነው። አክሲዮን የመግዛት መብት የተሰጠው ሥራ አስኪያጅም የሚመርጠው ይህንኑ ነው። የመጀመሪያውን ግጭት ያስታገሠው መድኃኒት ሁለተኛውን አባብሶታል።

አበዳሪው ይህን አስቀድሞ ከገመተ ወለዱን ያስወድዳል። ባለአክሲዮኖች በውል ለመታሰር የሚስማሙትም ለዚህ ነው። ውሉ ተጨማሪ ብድርን ይገድባል፣ የትርፍ ክፍፍልን ያጥራል፣ ንብረት ለሌላ አበዳሪ በመያዣነት እንዳይሰጥ ያግዳል። ቦንዱን ወደ አክሲዮን የመለወጥ መብት ከተሰጠው ደግሞ አበዳሪው ከሚቀናው ዕድል ስለሚካፈል ቁማሩ ለባለአክሲዮኖች ያን ያህል አያጓጓም።

ከናቢስኮ በኋላ በብዙ ቦንዶች ውስጥ አንድ አንቀጽ ተለመደ፤ ኩባንያው በሌላ ተገዝቶ የብድር ደረጃው ከወረደ አበዳሪው ቦንዱን ለኩባንያው መልሶ መሸጥ ይችላል፣ ብዙውን ጊዜ በዋናው ገንዘብ 101 በመቶ። ለአበዳሪው ይህ እውነተኛ ጥበቃ ነው። ይሁን እንጂ ገዢው ለነባር አበዳሪዎች የሚከፍለው ገንዘብ ስለሚጨምር ኩባንያውን መግዛት ይከብዳል፤ ደካማ ሥራ አስኪያጅም ከወንበሩ የሚያነሳው ገዢ የመምጣቱ ዕድል ይቀንሳል።