የማይጮህ፣ የማይኮሰኩስ ስጦታ

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ለልጅ የሚገዛው ነገር ብዙ ጊዜ ከሁለት አይወጣም፤ ወይ ጥልፍ ያለው የበዓል ልብስ ነው፣ ወይ እየበራ የሚዘፍን የባትሪ መጫወቻ። ኦቲዝም ላለበትና ከፍተኛ ድምፅም ሆነ ኮስኳሳ ጨርቅ ለማይችል ልጅ ሁለቱም ፈተና ናቸው። አክስት ስንት ዞራ የገዛችውን ቀሚስ ወይም ሸሚዝ ልጁ አውልቆ ሲጥለው እናት ትሳቀቃለች፣ አክስትም ቅር ይላታል። ልጁ ግን ማንንም መናቁ አይደለም። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የምርመራ መመሪያ ለድምፅ፣ ለንክኪና ለመሳሰሉት ከልክ ያለፈ ወይም ከልክ ያነሰ ምላሽ መስጠትን ከኦቲዝም መለያዎች ጋር አካቶታል። እኛ ልብሳችንን ለብሰን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መልበሳችንን እንረሳለን። እሱ አይረሳም፤ አንገቱ ላይ ያለው ስፌት ጠዋት እንደኮሰኮሰው ማታም ይኮሰኩሰዋል።

ስለዚህ ገበያ ከመውጣት በፊት ለወላጅ ስልክ መደወል ይቀድማል። “ምን ይወዳል?” የሚለው ጥያቄ ብዙ አያስኬድም፤ መልሱ “መኪና” ወይም “ኳስ” ሆኖ ይቀራል። ይልቅ “ከትምህርት ቤት ሲመለስ መጀመሪያ የሚያወልቀው ምንድን ነው? ታጥቦ እስኪደርቅ የሚጠብቀው ልብስስ አለ?” ብለው ይጠይቁ። በድምፅም በኩል “ጆሮውን የሚይዘው መቼ ነው? እሱ ራሱ የሚያሰማው ድምፅስ አለ?” ይበሉ። እነዚህ አራት ጥያቄዎች ስጦታውን ግማሽ መንገድ ያደርሱታል።

አንድ ልጅ እናስብ። ሰባት ዓመቱ ነው፣ ክብደቱ 22 ኪሎ ገደማ። እናቱ ለአክስቱ እንዲህ አለቻት እንበል፦ ከትምህርት ቤት ሲመጣ መጀመሪያ ካልሲውን፣ ቀጥሎ ሹራቡን ያወልቃል። አንድ ያረጀች የጥጥ ካናቴራ አለችው፣ ካልታጠበች አይለያትም። ጁስ መፍጫ ሲነሳ ከቤት ይወጣል፤ ድስት ግን ራሱ ሲደበድብ ይውላል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ዘመድ ያሳስታል፤ “ድምፅ ቢጠላ ኖሮ ድስት ይደበድብ ነበር?” ያሰኛል። ልዩነቱ ያለው ግን መቆጣጠሩ ላይ ነው። የድስቱን ድምፅ መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚቆም ያውቀዋል፤ መፍጫው ግን ሳያስበው ይነሳበታል።

አክስቱ የበዓል ልብስ መስጠቷን መተው የለባትም፤ ልብሱን ማሠራት እንጂ። ሽሮ ሜዳ ሄዳ ስታዝ ጥበቡ ወይም ጥልፉ አንገትና እጅጌ ላይ ሳይሆን ከታች ጠርዝ ላይ፣ ወይም ኪሱ ላይ እንዲሆን ትናገር። ልጅን የሚያሳክከው ከፊት የሚታየው ጥልፍ ሳይሆን ጀርባው ነው። እዚያ የክር ቋጠሮ አለ፤ በማሽን ከተጠለፈ ደግሞ መደገፊያ የሆነው ደረቅ ጨርቅ ብዙ ጊዜ ተቆርጦ እዚያው ይቀራል። የሚያብረቀርቀው ወርቃማ ክር ከሁሉም ይብሳል። ልብሱ ተሠርቶ ካለቀ ሰፊው ከጥልፉ ጀርባ ለስላሳ የጥጥ ገበር እንዲያለብስበት ማድረግ ይቻላል፤ ዋጋውም ከልብሱ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው።

ልብሱ ሲመጣ ገልብጣ በእጇ መዳፍ ሳይሆን በክንዷ ውስጠኛ ቆዳና በአንገቷ ትዳስሰው፤ የመዳፍ ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ያታልላል። አንገት ላይ የተሰፋ ምልክት ካለ በመቀስ መቁረጥ አይበቃም። የሚቀረው ጉቶ ከሙሉው የባሰ ይወጋልና ስፌቱን በምላጭ ፈትቶ ከሥሩ ማውጣት ነው። ከዚያ ልብሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ይታጠብ፣ ያውም የልጁ ቤት በሚጠቀምበት ሳሙና። ውሃው የአዲስ ጨርቅን ድርቀት ያወጣዋል፤ ሳሙናው ደግሞ የለመደውን ሽታ ይሰጠዋል። ከውስጥ ያቺን አሮጌ ካናቴራ እንዲለብስ ቢፈቀድለት ደግሞ በዓሉን ለብሶ ሊውል ይችላል።

ጋቢ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ጥሩ ስጦታ ነው። አዲስ ጋቢ ትንሽ ሻከር ይላል፤ ደጋግሞ የታጠበ ግን ይለሰልሳል፣ ክብደትም አለው፣ ልጁም እንደፈለገው ይጠቀለልበታል። አንዳንድ ልጆች እንዲህ ያለ እኩል የሆነ ጫና ያረጋጋቸዋል። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች ለዚሁ ሲሉ በትናንሽ ዶቃ የተሞላ ከባድ ብርድ ልብስ ይልካሉ። የተለመደው ልክ ከልጁ ክብደት አንድ አሥረኛ ያህል ነው፤ ለእኛ ልጅ ሁለት ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው። ብቻውን ገፍፎ ሊወጣ የማይችለው ከሆነ አደገኛ ነው፤ ለሕፃንማ ጭራሽ አይሰጥም። እንቅልፍ ያመጣል ተብሎ መገዛቱ ግን አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ በሆነ የእንግሊዝ ጥናት 67 ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ሲሞክሩት የእንቅልፍ ሰዓታቸው አልጨመረም፤ ሆኖም ልጆቹም ወላጆቹም ከተራው ይልቅ እሱን ወደውታል። ለምቾት ከሆነ መልካም፤ ታጥቦ የለሰለሰ ጋቢ ለሚወድ ልጅ ግን ያን ያህል ወጪ ማውጣት አያስፈልግም።

ወደ ድምፁ ስንመጣ፣ ለዚህ ልጅ የምመርጠው የጆሮ መከላከያ ነው፤ በፋብሪካና በግንባታ ቦታ ሠራተኞች ጆሯቸው ላይ የሚደፉት ዓይነት፣ በልጅ ልክ የተሠራ። የአዋቂው ወይ ይሰፋዋል ወይ ጭንቅላቱን ያጣብቀዋል፤ ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ይህን ማዘዝ ይሻላል። ድምፅን ጨርሶ አያጠፋም፤ ብዙዎቹ ከ20 እስከ 30 ዴሲቤል የሚደርስ ይቀንሳሉ፤ የድምፅ ማጉያን ጩኸት ወደሚቻል ደረጃ ለማውረድ ይህ ይረዳል። እንቁጣጣሽ መስከረም 1 ቀን ነው፣ ደመራ መስከረም 16፤ በመካከሉ ያለው ጊዜ ለመልመጃ ይበቃል። መጀመሪያ ከመጫወቻዎቹ ጋር ተቀምጦ ይክረም። ቀጥሎ የሚወደውን ነገር እያየ ለአንድ ደቂቃ ያድርገው። ከዚያ መፍጫው ሊነሳ ሲል “አሁን ሊጮህ ነው” ተብሎ ይሰጠው፣ ራሱ ያጥልቀው፣ ራሱ ያውልቀው። እንዲህ የለመደው ልጅ ደመራ ላይ ባይሆንለት እንኳ ከርቀት ቆሞ ሊያይ ይችላል። ቀኑን ሙሉ ማድረጉ ግን አይመከርም፤ ጆሮ ጸጥታን ሲለምድ ተራው ድምፅም ሊከብደው ይችላል፣ መንገድ ላይም መኪና አይሰማውም። መከላከያው ራሱ የሚያሞቀውና የሚያጣብቀው ከሆነ ልጁ ጎትቶ ይጥለዋል፤ ያኔ አለማስገደድ ነው።

ድስት መደብደቡንም አንርሳው። ድምፅ ማውጣት ይወዳልና ራሱ የሚያዝበት፣ ቀስ ሲነካ ቀስ የሚል ነገር ይስማማዋል፤ ትንሽ ክራር ለዚህ ትሆናለች። የባትሪ መጫወቻ አስቀድሞ ተገዝቶ ከሆነ ድምፅ የሚወጣበትን ቀዳዳ በወፍራም ፕላስተር መሸፈን ጩኸቱን ያበርደዋል፤ ማጥፊያ ካለው ደግሞ ጠፍቶ ይሰጥ። ፊኛ ግን በልደት ላይም ቢሆን ይቅር። መቼ እንደሚፈነዳ ስለማይታወቅ ልጁ ድግሱን በሙሉ እሱን ሲጠብቅ ያሳልፋል።

ሲሰጥም እንግዳ በተሰበሰበበት “እስቲ ልበሰው እንይህ” ማለት ልፋቱን ሁሉ ያበላሻል። ፎቶውን ቀደም ብሎ ለእናቱ መላክ፣ እሷም ልጁን ማሳየቷ፣ ከዚያ ዕቃው ሳይጠቀለል አልጋው ላይ መቀመጡ ይሻላል። ኮሌታውን ደጋግሞ ከጎተተ፣ ትከሻውን ከሰበቀ ወይም ድንገት ዝም ብሎ ከደረቀ በቃኝ ማለቱ ነው፤ ሁሉም ልጅ በለቅሶ አይናገርም። ከወደደው ደግሞ አክስቱ በሳምንቱ ያንኑ ጨርቅ፣ ያንኑ ቀለም፣ ያንኑ ሰፊ ፈልጋ አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን ታሠራና ታስቀምጥለት፤ የመጀመሪያው ሲጠበው ሌላ ዓይነት ማስለመድ እንደገና ከዜሮ መጀመር ነውና።