ሃያው ኪሎ የት ገባ?

በቴሌግራም ሽሮ የምትሸጥ የጎረቤቴ ልጅ ሦስት ስክሪንሾት ላከችልኝ። ሁለቱ በስልኳ ማስታወሻ ላይ የጻፈቻቸው ወጪዎች ናቸው፤ ሦስተኛው ለደንበኞቿ የለጠፈችው ዋጋ ነው፤ የአተር ሽሮ፣ ኪሎው 320 ብር። ከሥሩ እንዲህ ብላለች፦ «ጋሼ፣ በወር ስንት ኪሎ ብሸጥ ነው ወጪዬን የምችለው? በኔ ሒሳብ 110 ኪሎ ይበቃል። 240 እየሸጥኩ ግን እጄ ላይ ብር የለም።»

የሒሳብ ሰዎች ብሬክ ኢቭን የሚሉት ይህንኑ የጠየቀችውን ነው፤ ትርፍም ኪሳራም የሌለበት የሽያጭ መጠን።

ወጪ በምስል ሲላክልኝ መጀመሪያ የሚታዩትን መስመሮች እኔው ደምሬ ከታች ከተጻፈው ድምር ጋር አስተያያለሁ። አንድ ኩንታል አተር 14,000፣ ቅመም 4,000፣ ወፍጮ 1,000፣ ማገዶ 1,000፣ የክፍል ኪራይ 6,000፣ የረዳቷ ደሞዝ 5,000፣ ስልክና ኢንተርኔት 1,000። ይህ 32,000 ብር ይመጣል። እሷ የጻፈችው ድምር ግን 32,800 ነው። ረጅም ዝርዝር በሁለት ምስል ሲነሳ እንዲህ ያጋጥማል፤ ስክሪኑን ሲገፉት አንድ መስመር በሁለቱ መካከል ይቀራል። ብጠይቃት የጎደለው «ማሸጊያ 800» ሆኖ ተገኘ። አንዱ ላስቲክ ከነስቲከሩ 10 ብር ነው።

ድምሩ ቢገጥምም በ32,800 ብር ምንም ማስላት አይቻልም። አተሩ፣ ቅመሙ፣ ወፍጮው፣ ማገዶውና ማሸጊያው አንድ ኩንታል በተዘጋጀ ቁጥር የሚወጡ ናቸው፤ ተለዋዋጭ ወጪ ይባላሉ። ኪራዩ፣ ደሞዙና ስልኩ ግን አንድ ኪሎም ባትሸጥ በየወሩ ይከፈላሉ። እነዚህ ቋሚ ወጪዎች 12,000 ብር ናቸው። እሷ ይህን ለይታ ነበር። ስህተቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ያወጣሁትም ከዚያችው ከጠፋችው መስመር ነው።

800 ብር ለአስር ሲካፈል 80 ላስቲክ ነው። በየላስቲኩ አንድ ኪሎ ይገባል። የገዛችው አተር ግን 100 ኪሎ ነበር። ሃያው ኪሎ የት ገባ? ወፍጮ ቤቱ አልሰረቃትም። አተሩ ሲለቀም ድንጋይና ገለባው ይወጣል፣ ሲታመስ እርጥበቱ ይተናል፣ ሲከካ ልጣጩ ይነፋል፣ ጥቂቱም ወፍጮ ላይ ይቀራል። ቅመም ቢጨመርበት እንኳ ለሽያጭ የሚደርሰው 80 ኪሎ ነው። እሷ ግን ወጪውን ያካፈለችው ለገዛችው መቶ ኪሎ ነበር።

ከማሸጊያው በፊት ያለው የአንድ ኩንታል ወጪ 20,000 ብር ነው። ለ100 ሲካፈል ኪሎው 200፣ ከማሸጊያው ጋር 210 ብር ይሆናል፤ በ320 ስትሸጥ 110 ብር የሚተርፋት ይመስላታል። ለ80 ሲካፈል ግን 250 ነው፤ ማሸጊያ ሲታከልበት 260። ከኪሎ የሚተርፋት 60 ብር ብቻ ነው። ቋሚ ወጪውን 12,000 ለ60 ብናካፍለው 200 ኪሎ ይመጣል። እንግዲህ ወጪዋን የምትችለው በ110 ሳይሆን በ200 ኪሎ ነው።

240 ኪሎ ስትሸጥ ከ200 በላይ ያሉት 40 ኪሎዎች ብቻ ያተርፏታል፤ 40 በ60፣ 2,400 ብር። 14,400 ስትጠብቅ ነበር።

የትርፍ ህዳጉም ላይ ተሳስታለች። 110ን ለወጪው ለ210 አካፍላ «ከግማሽ በላይ አተርፋለሁ» ትል ነበር። ህዳግ የሚሰላው ግን በመሸጫው ዋጋ ነው። የወሩ ሽያጭ 76,800 ብር ነው፤ 2,400 ከዚህ 3.1 በመቶ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከስክሪንሾት አይነበብም። ከላይ ሰዓቱ ይታያል፣ ቀኑ ግን ብዙ ጊዜ የለም። ስለዚህ አተሩ የተገዛው መቼ እንደሆነ ጠየቅኳት፤ የዚያው ሳምንት ዋጋ ነው አለችኝ። ኩንታሉ በ1,200 ብር ብቻ ጨምሮ ቢሆን ከኪሎ የሚተርፈው ወደ 45 ብር ይወርድና 267 ኪሎ መሸጥ ይኖርባት ነበር። ይህ አሁን ከምትሸጠው ይበልጣል።

ከሁሉም ያሳዘነኝ በዝርዝሩ ውስጥ የእሷ ድካም አለመኖሩ ነው። አተሩን የምትለቅመውና የምታምሰው፣ ለደንበኛ የምትመልሰው እሷ ናት፤ ለራሷ ግን አንድ ብር አልጻፈችም። በወር 6,000 ብናስገባላት ቋሚው 18,000 ይሆናል፤ በ60 ብር ትርፍ 300 ኪሎ መሸጥ አለባት። ዋጋውን ወደ 340 ብታነሳው ግን ከኪሎ 80 ብር ይተርፋታል፣ 225 ኪሎም ይበቃታል። አሁን ከምትሸጠው 240 ኪሎ ላይ አስራ አምስት ኪሎ የሚገዙ ደንበኞች ቢቀሩባት እንኳ ወጪዋንና ደሞዟን ትችላለች።

ማታውኑ አራተኛ ስክሪንሾት መጣልኝ። «340» ይላል፤ ከሥሩም አንዲት ደንበኛ «ሁለት ኪሎ ያዢልኝ» ብላለች።