ጀበናን ከመደርደሪያው ነጥሎ ማውጣት

በቡና ዕቃ ሱቅ ውስጥ በስልክ የተነሳ የጀበና ፎቶ ጀበናውን ብቻ ይዞ አይመጣም። መደርደሪያው፣ አጠገቡ የተደረደሩት ሲኒዎች፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰፌድ፣ ሶኬቱና የመብራቱ ሽቦ ሁሉ አብረው ይገባሉ። ሱቁ ድረስ የመጣ ገዢ ዓይኑ የፈለገውን መርጦ ስለሚያይ በዚህ አይቸገርም። ሠላሳ ዕቃ በአንድ የኢንተርኔት ካታሎግ ገጽ ላይ ሲሰለፍ ግን ሠላሳ ዓይነት ዝብርቅርቅም አብሮ ይሰለፋል፤ ገዢው የአንዱን ጀበና ቅርጽ ከሌላው ጋር ማነጻጸር ያቅተዋል። ባለሱቁ ዕቃውን ቆርጦ፣ ዙሪያውን ባዶ አድርጎ የሚያወጣው ለዚህ ነው። ባዶ ሲባል ነጭ ማለት አይደለም። ነጭም ቀለም ነውና ገጹ ክሬም ወይም ጥቁር ሲሆን በዕቃው ዙሪያ ነጭ ሳጥን ሆኖ ይታያል። ባዶው ቦታ ግን የገጹ ቀለም ምንም ይሁን ምን አሳልፎ ያሳያል።

ዲጂታል ፎቶ ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠኑን ከ0 እስከ 255 በሚደርሱ ሦስት ቁጥሮች ይይዛል። ዳራው ባዶ የሆነ ፎቶ አልፋ የሚባል አራተኛ ቁጥር ይጨምራል። አልፋው 0 የሆነ ነጥብ ፈጽሞ አይታይም፤ 255 የሆነው ከሥሩ ያለውን ሁሉ ይሸፍናል፤ በመካከል ያሉት ደግሞ በከፊል ይሸፍናሉ። አንድ ሥዕል በሌላው ላይ ሲደረብ ይህ ቁጥር እንዴት እንደሚሰላ ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ የተባሉ የኮምፒውተር ሥዕል ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጽሑፍ አስቀምጠዋል። ለባለሱቁ ዋናው ቁም ነገር ያለው በመካከለኞቹ ቁጥሮች ላይ ነው፤ የዕቃው ጠርዝ የሚሠራው ከእነሱ ነውና።

ፒክስሎች በካሬ የተደረደሩ ናቸው፤ የጀበና ሆድ ግን ክብ ነው። ስለዚህ ጠርዙ ላይ የዋለ አንድ ነጥብ ግማሹ ጀበና፣ ግማሹ ግድግዳ ሊሆን ይችላል፤ ካሜራውም ሁለቱን ቀላቅሎ አንድ ቀለም ይመዘግባል። የጀበናው ጥቁረት 40፣ የግድግዳው ንጣት 220 ቢሆን እኩል የተቀላቀለው ነጥብ 130 ይሆናል፤ ግራጫ ማለት ነው። እነዚህ ግራጫ ነጥቦች ከጀበናው ጋር ተቆርጠው ከወጡ ዙሪያውን እንደ ቀጭን ክር ይከቡታል። ነጭ ገጽ ላይ ይህ አይታወቅም፤ በጥቁርና በነጭ መካከል ግራጫ መኖሩ ዓይንን አያስገርምም። ገዢው ስልኩን ዳርክ ሞድ ላይ ካደረገና የገጹ ቀለም ወደ 30 ከወረደ ግን ነገሩ ይለወጣል። በ40 እና በ30 መካከል 35 መሆን የነበረበት ነጥብ 130 ሆኖ ያበራል። ባለሱቁ በራሱ ስልክ ነጭ ገጽ ላይ አይቶ የወደደው ፎቶ ደንበኛው ዘንድ ሲደርስ የነጣ ቀለበት አጥልቆ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ችግር ብዙው የሚቀንሰው ገና ፎቶው ሲነሳ ነው። ጀበናውን ከመደርደሪያው አንድ ሜትር ያህል ወደ ፊት አውጥቶ በስተጀርባው ወጥ ቀለም ያለው ወረቀት ወይም ጨርቅ መወጠር ይበቃል። የጨርቁ ቀለም ግን በዘፈቀደ አይመረጥም። ጥቁር ጀበና በጥቁር ጨርቅ፣ ነጭ ሲኒም በነጭ ጨርቅ ላይ ጠርዙ ይጠፋል። ቀይ ወይም አረንጓዴ ጨርቅ ዕቃውን አጉልቶ ቢያሳይም የሲኒው ልባጭ ቀለሙን እንደ መስታወት ይቀበላል፤ ሲኒው ዳር ዳሩን ቀላ ብሎ ይወጣል። ይህን ደግሞ ምንም ዓይነት አቆራረጥ አያስተካክለውም፤ ቅላቱ ያለው ዕቃው ራሱ ላይ ነውና። ለጥቁርም ለነጭም የሚስማማው መካከለኛ ግራጫ ነው። ብርሃኑ ከበር ወይም ከመስኮት በኩል፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳይመታ ቢመጣ የጀበናው ጥላ ስለሚለሰልስ የመቀመጫው ጠርዝ በግልጽ ይለያል። ስልኩን ወደ ዕቃው በጣም ማስጠጋትም ሆዱን ያለ ቅጡ ያሳብጠዋል፤ ራቅ ብሎ ማንሳት ይሻላል።

ለመቁረጡ በነፃ የሚገኘው ጂምፕ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ይበቃል። ቀለም እያየ በራሱ የሚመርጠው Fuzzy Select የተባለው መሣሪያ መጀመሪያ የሚያጓጓ ቢሆንም ጀበና ላይ አያስተማምንም። የጀበናው ጥቁረትና የሥሩ ጥላ ስለሚቀራረቡ ወይ ጥላውን ከጀበናው ጋር ይይዛል፣ ወይም የጀበናውን መቀመጫ ይበላል። ለእንዲህ ያለ ጥርት ያለ ቅርጽ የሚሻለው በእጅ መስመር የሚሰመርበት Paths ነው። መሣሪያው B ሲጫኑ ይመጣል። ነጥቦቹ የሚቀመጡት ቅርጹ አቅጣጫ በሚለውጥበት ቦታ ብቻ ነው፤ በአፉ፣ በአንገቱ፣ አንገቱ ከሆዱ በሚገናኝበት፣ በመቀመጫው። በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው መስመር ሲጎተት ይጎብጣል። ነጥብ ያበዛ ሰው የተጎረበጠ ጀበና ያወጣል፤ ሆዱን በሙሉ አራት ወይም አምስት ነጥብ ይበቃዋል። መስመሩም ጠርዙ ላይ ሳይሆን ከጠርዙ አንድ ወይም ሁለት ፒክስል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይሄዳል። ቅልቅሎቹ ነጥቦች ከመስመሩ ውጭ ስለሚቀሩ የግራጫው ክር ከነምክንያቱ ይወገዳል፤ ከጀበናው የሚጎድለውን ግን ማንም አያስተውለውም።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው በእጀታውና በአንገቱ መካከል ያለው ክፍተት ነው። የውጩ መስመር በጥንቃቄ ተሰምሮ ሳለ በእጀታው ቀዳዳ ውስጥ መደርደሪያው ቁጭ ብሎ የሚታይባቸው የጀበና ፎቶዎች ጥቂት አይደሉም፤ በአንድ ንክኪ ዳራ የሚያጠፉ የስልክ መተግበሪያዎችም ይህን ቦታ አንዳንድ ጊዜ ሳይነኩት ያልፋሉ። መፍትሔው ለቀዳዳው ለብቻው ሁለተኛ መስመር ማስመር ነው። በመጀመሪያ የውጩ መስመር ወደ ምርጫ ይለወጣል፤ ቀጥሎ የውስጡ መስመር Subtract from Selection በሚለው ትእዛዝ ከእሱ ይቀነሳል።

ምርጫው ሲያልቅ ጠርዙ በመቀስ የተቆረጠ ካርቶን እንዳይመስል Select ከሚለው ዝርዝር Feather ተመርጦ 1 ወይም 2 ፒክስል ይለሰልሳል፤ የመካከለኞቹ የአልፋ ቁጥሮች የሚፈጠሩት እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ዳራውን መሰረዝ ያጓጓል፤ ግን የተሰረዘ ነገር ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ አይመለስም። የተሻለው ጭምብል ማልበስ ነው፤ Layer፣ ቀጥሎ Mask፣ ቀጥሎ Add Layer Mask ተብሎ Selection ይመረጣል። ጭምብሉ ነጭ በሆነበት ዕቃው ይታያል፣ ጥቁር በሆነበት ይደበቃል። በስህተት የተበላ የእጀታ ጫፍ ቢኖር ጭምብሉ ላይ ነጭ ቀለም በብሩሽ ሲቀባ ይመለሳል። ክብ መቀመጫ ያለው ጀበና የሚቀመጥበት ማቶት ከፎቶው ካልወጣ ሥራው ይበዛል። የሣሩ ጫፎች በመስመር አይያዙም፤ ትንሽ ብሩሽ ይዞ ጭምብሉ ላይ አንድ በአንድ መከተል የግድ ነው።

ሥራው ማለቁ የሚታወቀው በሙከራ ነው። ከጀበናው ሥር አዲስ ደርብ ተጨምሮ አንዴ በጥቁር፣ አንዴ በደማቅ ቢጫ ይሞላል። ጥቁሩ የነጣውን ክር ያጋልጣል፤ ቢጫው ደግሞ ሳይቆረጥ የቀረ የጥላ ቁራጭንና ያልተከፈተ ቀዳዳን ያሳያል። ክሩ ከታየ ምርጫው በShrink አንድ ፒክስል ጠቦ ጭምብሉ እንደገና ይለበሳል። የሙከራው ደርብ ፋይሉ ከመውጣቱ በፊት መደበቅ አለበት፤ አለበለዚያ ጀበናው ከነቢጫው ይወጣል።

የጠጅ ብርሌ ግን ለዚህ ሁሉ አይገዛም። ዙሪያው የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢቆረጥ መደርደሪያው በመስታወቱ ውስጥ አልፎ ይታያል፤ ዳራው ያለው ዕቃው ውስጥ ነውና። አልቪ ሬይ ስሚዝና ጄምስ ብሊን እ.ኤ.አ. በ1996 የተነተኑት ዘዴ ለዚህ መልስ አለው። ዕቃው ሳይነቃነቅ፣ የካሜራው ብርሃን አቀባበልም ሳይለወጥ፣ አንዴ በነጭ አንዴ በጥቁር ዳራ ፊት ይነሳል። ነጩ ዳራ 240፣ ጥቁሩ 10 ሆኖ የመስታወቱ አንድ ነጥብ በነጩ ፊት 200፣ በጥቁሩ ፊት 30 ቢያሳይ ስሌቱ እንዲህ ነው፦

```
α = 1 − (200 − 30) / (240 − 10) ≈ 0.26
```

ነጥቡ ከሥሩ ያለውን ሩብ ያህሉን ብቻ ይሸፍናል፤ የቀረውን ያሳልፋል ማለት ነው። ዘዴው ትክክል ቢሆንም መስታወት ብርሃንን ስለሚያጎብጥ ብርሌው ከሥሩ ያለውን ገጽ እንደ እውነተኛ ብርሌ አጣሞ አያሳይም። ሁለቱ ፎቶዎችም በአንድ ፒክስል ቢዛነፉ ጠርዙ ይበላሻል። ለትንሽ ሱቅ የሚያዋጣው ብርሌውን ጠጅ ሞልቶ ወይም በንጹሕ ነጭ ወረቀት ፊት ማንሳትና ከነነጩ መተው ነው።

መጨረሻ ላይ የሚቀረው ፋይሉን ማውጣት ነው። ቆረጣው የሚሠራው በፎቶው ሙሉ መጠን ሲሆን ማሳነሱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። 3000 ፒክስል ቁመት ያለው ሥራ ወደ 1000 ሲወርድ የሦስት ፒክስል መንቀጥቀጥ አንድ ፒክስል ሆኖ ይቀራል። የተለመደው ጄፔግ ለአልፋ ቦታ ስለሌለው ባዶውን ቦታ በቀለም ሞልቶ ያወጣዋል። ፋይሉ መውጣት ያለበት በፒኤንጂ ወይም ክብደቱ በሚያንሰው ዌብፒ ነው፤ ጭምብሉ ያለበት የጂምፕ ፋይልም ለብቻው ይቀመጣል። ከስክሪን ላይ ፎቶ ማንሳት አያገለግልም፤ ባዶነትን የሚያመለክቱት ግራጫና ነጭ ካሬዎች እንደ ሥዕል አብረው ይያዛሉ። በቴሌግራም የሚላከውም በፎቶነት ከተላከ ታምቆ ወደ ጄፔግ ስለሚለወጥ ባዶው ዳራ ይጠፋል። ለካታሎግ ሠሪው የሚላከው በፋይልነት መሆን አለበት፤ የደረሰው ፋይል ስምም በ.png ወይም በ.webp ማለቁን ማየት ይበቃል።